ላብ ለሚበዛበት እጅ የሰዓት ማሰሪያ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንደሚለካና እንደሚቀየር

አንድ ሙሉ የሙቀት ወቅት የቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ከእጄ ሳላወልቅ አሳለፍኩ። በሦስተኛው ወር ማሰሪያው ከውስጥ በኩል ጠቆረ። ጠርዙ ላይ ነጭ የጨው መስመር ታየ። ቆይቶ ሁሌ የማስርበት ቀዳዳ ዙሪያው ተሰነጠቀ፤ እጄን ወደ ፊቴ ባስጠጋሁ ቁጥርም ሽታው ይመጣ ጀመር። ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ ውድ የሚባለውን ቆዳ ገዛሁ። እሱም ወቅቱን ሳይጨርስ እንደዚያው ሆነ። ቆዳው ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ያለቦታው ያዋልኩት።

ከዚያ በኋላ ማሰሪያ ስመርጥ ከመልኩ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ላቡ የት ይሄዳል? ቆዳ ላብን ይጠጣል፤ ጨውንም ውስጡ ያስቀራል። የብረት ሰንሰለት በቁራጮቹ መካከል አየር ያሳልፋል። ጎማ አይጠጣም፣ ግን ከስሩ ያፍነዋል። ናይለን ይጠጣል፣ ታጥቦ ግን ይለቀዋል።

መጀመሪያ እጃችሁን እወቁ

ቀጭን ወረቀት ቀዳችሁ ጠዋት የእጅ አንጓችሁ ላይ ጠቅልሉና የሚገናኝበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። በዚያው ወረቀት ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ድገሙት። ሁለቱ ምልክቶች ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። እጅ በሙቀትና በእንቅስቃሴ ያብጣል። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ልክ የነበረ ማሰሪያ ከሰዓት በኋላ ምልክት አትሞ እንዲውል ግን እሱ በቂ ነው።

ቀጥሎ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ያህል ሙቀት ውስጥ አድርጉና አውልቁት። ከስሩ ቆዳችሁ ረጥቦ ካገኛችሁት፣ ለዕለት ተዕለት የቆዳ ማሰሪያ አትግዙ።

አራቱ፣ እያንዳንዳቸው በቦታቸው

ቆዳ ከአራቱም እጅ ላይ ቶሎ የሚለምድ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የእጃችሁን ቅርጽ ይይዛል። ከሙሉ ልብስ ጋርም የሚተካከለው የለም፤ በተለይ ቀጭኑና ስፌቱ የማይጮኸው። ግን የዝግጅት ቀን ማሰሪያ አድርጉት። ካወለቃችሁት በኋላ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ቢያንስ አንድ ቀን አሳርፉት። ከረጠበ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቆይ።

ብረት ለላበኛ እጅ የዕለት ተዕለት ምርጫዬ ነው። ቢሮም ግብዣም አያሳፍርም፣ ዕድሜውም ከሌሎቹ በብዙ ይበልጣል። ችግሩ ክብደቱና ልኩ ነው። ብረት አይለጠጥም። ስለዚህ ስትገዙ መቆለፊያው ጎን ላይ ትንንሽ የማስተካከያ ቀዳዳዎች መኖራቸውን እዩ። ሙሉ ቁራጭ ከመቀነስ ይልቅ በእነሱ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ማጥበቅ ወይም ማላላት ይቻላል። ሌላው ጠላቱ በቁራጮቹ መካከል የሚጠራቀመው ጥቁር እድፍ ነው። ላብና አቧራ ተደባልቆ ፒኖቹን እንደ አሸዋ ይበላል፤ ከዓመታት በኋላ ሰንሰለቱ ይላላል፣ በጎን ሲይዙትም ይንጠለጠላል። ሰንሰለቱን ከሰዓቱ ነቅላችሁ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጆሮ ጌጥ ወይም የቀበቶ ዘለበት የሚያሳክካችሁ ከሆነ ለኒኬል አለርጂ ሊኖራችሁ ይችላል። የማይዝገው ብረትም ኒኬል አለው፤ የሚለቀው ጥቂት ቢሆንም አንዳንዱን ሰው ይነካል። ለእንዲህ ያለ ሰው ታይታኒየም ይሻላል።

ጎማ ለዋናና ለስፖርት ነው። ሲልከን ለስላሳ ነው፣ ግን የልብስ ብናኝ ሁሉ ይለጠፍበታል። ኤፍኬኤም የሚባለው ጎማ ጠጠር ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ቅባትንና ላብን ግን በደንብ ይቋቋማል። ጎማ ሽፍታ አወጣብኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የጎዳው ከስሩ የታፈነው ላብና ያልታጠበ ሳሙና ነው። ከስፖርት በኋላ ማሰሪያውንም እጃችሁንም በንጹህ ውሃ ታጠቡ፤ ሁለቱም ሳይደርቁ መልሳችሁ አትሰሩ።

ናይለን ቀላል ነው፤ ሲቆሽሽ በሳሙና ታጥቦ ይመለሳል። አንድ ወጥ ሆኖ በሰዓቱ ስር የሚያልፈው ዓይነት በ1973 የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ባወጣው መስፈርት ለወታደሮች የተሠራ ነው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ፒን ቢሰበር እንኳ ሰዓቱ በሌላው ተይዞ ይቀራል። ጉድለቱ ደግሞ ከስር ስለሚያልፍ ሰዓቱን ከፍ ያደርገዋል። ወፍራም ሰዓት ከሆነ የሸሚዝ እጅጌ ስር አልገባ ይላል።

ልኩን መውሰድ

ከሰዓቱ አካል ወጥተው ማሰሪያውን የሚይዙትን ሁለት ቀንዶች እዩ። መለካት ያለበት በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። አሮጌውን ማሰሪያ አትለኩ፤ ቆዳ ሲያረጅ ይጨመቃል፣ ልኩም ያሳስታል። 18፣ 20 እና 22 ሚሊ ሜትር በብዛት የሚገኙ ናቸው። የኔ 20 ነው። አንድ ጊዜ 18 ገጠምኩበት፦ በሁለቱም ጎን ፒኑ ራቁቱን ታየ፣ ማሰሪያውም ግራ ቀኝ ይንሸራተት ነበር።

ሰንሰለት ስታሳጥሩ ከሁለቱም በኩል እኩል ቀንሱ። ለምሳሌ የኔ ሦስት ቁራጭ ይበዛ ነበር። አንድ አንድ ከየጎኑ አወጣሁ። ሦስተኛውን ከስድስት ቁጥር በኩል ስቀንስ መቆለፊያው የእጄ አንጓ ስር መሐል ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የቀረውን ትንሽ ልልነት በማስተካከያ ቀዳዳው ጨረስኩ። ቁራጮቹ ውስጥ ቀስት ከተሳለ ፒኑን በቀስቱ አቅጣጫ ገፍታችሁ አውጡ፣ ስትመልሱት ከተቃራኒው አስገቡ። ጫፉ ላይ የካቻቢቴ መግቢያ ካለው ግን ቡሎን ነው፤ ገፍታችሁ አታበላሹት። የወጡትን ቁራጮች አትጣሉ።

ሲያልቅ ከሰዓት በኋላ ሞክሩት። ትንሿ ጣታችሁ ከስሩ ሳትጨናነቅ ካለፈች ልኩ ነው።

መቀየር

ሰዓቱን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ቀንዶቹን በሚለጠፍ ፕላስተር ሸፍኑ፤ ጭረት የሚመጣው መሣሪያው ሲያመልጥ ነው። ጫፉ መንታ የሆነውን መሣሪያ በማሰሪያውና በቀንዱ መካከል አስገቡ፣ የፒኑን አንገት ያዙና ወደ ውስጥ ጫኑት። ፒኑ ስፕሪንግ ስላለው ሊፈናጠር ይችላል፤ በሌላ እጃችሁ ሸፍኑት። አዲሱን ስታስገቡ አንዱን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አስቀምጡ፣ ሌላውን ጫን አድርጋችሁ አንሸራቱት። ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል።

ያ ድምፅ ግን ያታልላል። አንዳንዴ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ሳይገባ አፉ ላይ ያርፋል። ማሰሪያውን ያዙና ወደ ግራና ቀኝ አወዛውዙት፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ይህን የምታደርጉት አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ ይሁን። ያልያዘ ፒን በዚያ ስበት ይለቃል፣ ሰዓቱም የሚወድቀው ፍራሽ ላይ ይሆናል።