የተክሊል ሰርግ ላይ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ሰርግ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደወለው ለአዳራሽ ነው። ቀብድ ይከፈላል፣ ዲኮር ይመረጣል፣ የጥሪ ካርድ ይታዘዛል፣ ከዛ በኋላ ነው «እስቲ ደብሩንም እናናግር» የሚባለው። በተክሊል ለሚያገባ ሰው ይሄ የተገላቢጦሽ ነው፣ ምክንያቱም ቀኑን የሚወስነው ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ አዳራሽ ሌላም ይገኛል።

ቀኑ ላይ የሚሳሳቱት በተለይ ጥርና የካቲት ላይ የሚደግሱት ናቸው። «እገሌ እኮ አምና በዚህ ቀን ነው ያገባው» ብሎ መቁጠር አይሰራም፣ ጾሙ ከፋሲካ ጋር ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳላ! 2018 ላይ ነነዌ የገባችው ጥር 25 ነው፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 9። 2019 ላይ ግን ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29። ሃያ ቀን ልዩነት ማለት ነው፣ ስለዚህ አንዱ ዓመት ላይ አሪፍ የሰርግ ቅዳሜ የነበረው የካቲት አጋማሽ ሌላው ዓመት ላይ ጾም ውስጥ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። በጾም ተክሊል የለም፣ አለቀ። መጀመሪያ ባሕረ ሐሳቡን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ቀጥሎ ደብሩ በዛ ቀን ሌላ ሙሽራ ይዞ እንደሆነ አረጋግጡ፣ አዳራሹ ከዛ በኋላ ይምጣ።

ሁለተኛው ካህኑን እንደ ኤምሲ ማየት ነው። «የኛ አባት መጥተው ያጋቡናል» ይባላል፣ ግን የንስሐ አባትና ሥርዓቱን የሚፈጽመው ካህን ሁሌ አንድ ሰው አይደሉም። የንስሐ አባት ሙሽሮቹን ያውቃል፣ ንስሐ ይሰጣል፣ ለተክሊል የሚበቁ መሆናቸውን ይመሰክራል። ሰርጉ የሚሆንበት ደብር አስተዳዳሪ ደግሞ ፈቃድ ይሰጣል፣ ከሌላ ደብር ካህን ይዛችሁ ከመጣችሁም እሱ ሳያውቅ አይሆንም። ቅዳሴው ራሱ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፣ ሁለት ካህን ሦስት ዲያቆን፣ ስለዚህ አንድ አባት ብቻቸውን መጥተው የሚጨርሱት ነገር አይደለም። ብዙ ደብሮች የክርስትና ማስረጃ፣ ያላገባ ወረቀት፣ የጤና ምርመራ እና የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ይጠይቃሉ፣ ይሄ ሁሉ በሳምንት አይደርስምና ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። በዚሁ አጋጣሚ ዝምድናውም ይጣራል፣ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የአበልጅም፤ የክርስትና አባት ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ጉዳዩ እዚህ ላይ የሚሰበር አለ።

ትንሽ የሚያሳፍር ግን መባል ያለበት ነገር፣ አክሊሉ ጌጥ አይደለም። ተክሊል ለደናግል ነው፣ ከዚህ በፊት ያገባ ወይም ሌላ ሁኔታ ያለው ሰው በሌላ ጸሎት፣ በቁርባን ይጋባል፣ እሱም ሙሉ ጋብቻ ነው። ለፎቶ ያምራል ብሎ ለንስሐ አባት ነገር ደብቆ አክሊል መድፋት ሥርዓቱን ማፍረስ ነው። ቤተሰብም «ያለ አክሊል ምን ይባላል» እያለ ልጆቹን ባይገፋፋ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ የቀኑ አካሄድ። ብዙ ቦታ በማለዳ ነው የሚጀመረው። ካህኑ ሁለቱን ፈቃዳቸውን ይጠይቃል፣ ቀለበት ይባረካል፣ ካባ ይለብሳሉ፣ ቅባቱ ይቀባል፣ አክሊል ይደፋል፣ ከቅዳሴው ጋር ደግሞ አብረው ይቆርባሉ። ቁንጮው ቁርባኑ ነው፣ ሌላው ሁሉ የሚለካው ከሱ ወደኋላ ተቆጥሮ ነው። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም አለ፣ ውሃም ሳይቀመስ። እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት የምትቆርቡ ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አፋችሁ ላይ ምንም አይገባም ማለት ነው። አሁን ቅዳሜ ማታ ያለውን ፕሮግራም እዩት፣ የሂና ምሽት አለ፣ ሚዜዎቹ እራት ጋብዘዋል፣ አክስቶች ገና ከገጠር ገብተው ጉርሻ ይዘው እየዞሩ ነው። የማውቃት አንዲት ሙሽራ ሌሊት ሜካፕ ስትሠራ እናቷ «ልጄ ትወድቂብኛለሽ፣ ትንሽ ቅመሺ» ብለው ፍርፍር አጎረሷት፣ ዋጠችው፣ ደግነቱ ሳትደብቅ ለካህኑ ነገረች። ሥርዓቱ ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ ድግሱ ግን ተጥዶ ነበርና የዛኑ ቀን ተበላ። እናትየውን መውቀስ ይከብዳል፣ ማንም አልነገራቸውማ። ሙሽሮቹ ብቻ ሳይሆኑ ቤት ውስጥ ምግብ የሚያዙት ሴቶች ሰዓቱን ማወቅ አለባቸው። ሜካፑም ቢሆን ሊፕስቲክ ሳይኖረው ይሁን፣ በቀለም ከንፈር አይቆረብም፣ ሜካፕ አርቲስቷ ይሄን ካላወቀች በር ላይ በሶፍት ስትጠርጉ ትገኛላችሁ። ቬሎ ለማታ ይቆይ፣ ጠዋት ነጭ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ይበቃል፣ ከላይ ካባው ይደረብበታል። ጫማ ስለሚወለቅ በሂል ልክ የተሰፋ ቀሚስ መሬት ይጎትታል፣ እሱንም አስቡት።

ቤተሰብ ላይ የሚታየው ስህተት ሁለቱን ፕሮግራም መቀላቀል ነው። ወንዱ ወገን በሌሊት አጅቦ ሴቷ ቤት ይሄዳል፣ በር ላይ «አናስገባም» ይጀመራል፣ ሽቶ ይረጫል፣ ሚዜው በር ክፈቱልን እያለ ይለምናል፣ ጨዋታው ደግሞ ሲደምቅ አርባ ደቂቃ ይወስዳል። ቅዳሴ ግን ሙሽራ አይጠብቅም። የሚሻለው ሁለቱም በየቤታቸው ተነስተው ቤተ ክርስቲያን መገናኘት፣ ሥርዓቱ አልቆ ጸበል ተጠጥቶ ምሳ ከተቀመሰ በኋላ ወንዱ ወገን ሴቷን ለመውሰድ ይሂድ፣ አናስገባሙም፣ ጉልበት መሳሙም፣ የወላጆች ምርቃትም ያን ጊዜ ሳይቸኮል ይሆናል። ወላጆች ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥራቸው መቆምና መጸለይ ነው፣ እንግዳ መቀበል አይደለም፤ በር ላይ ቆመው ዘመድ ሲስሙ አክሊሉ ሲደፋ ሳያዩ የቀሩ አባት አውቃለሁ። ካሜራ ማኑንም የት እንደሚቆም አስቀድማችሁ ከደብሩ ጋር ተስማሙ፣ በካህኑና በሙሽሮቹ መሀል ገብቶ ፍላሽ የሚያበራ ከተገኘ ዲያቆኑ ነው የሚያስወጣው፣ ያም በቪዲዮው ይገባል።

የመጨረሻው ሚዜና ምስክርን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ሚዜ አጃቢ ነው፣ ካባ ያስተካክላል፣ ሙሽራውን ይደግፋል። ምስክር ስሙ ወረቀት ላይ የሚሰፍር ሰው ነው። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ 213/1992) በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚደረግ ጋብቻ ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ይላል፣ በሃይማኖት የተፈጸመም እንደ ጋብቻ ይቆጠራል፣ ግን መመዝገብ አለበት። ደብሩ ስንት ምስክር እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ መታወቂያቸውም የታደሰ ይሁን። ደርባባ የሆነ አንደኛ ሚዜ በሱፉ ኪስ ምንም ሳይዝ፣ መታወቂያው ሆቴል ቀርቶ ፊርማው ሲጎድል አይቻለሁ። ከሰርጉ በኋላ የደብሩን ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ቤተሰብ መልሱን ሲደግስ ይሄ ይረሳና ከዓመት በኋላ ለቪዛ ሲጠየቅ መሯሯጥ ይመጣል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የማሪጅ ላይሰንሱን ከሥርዓቱ በፊት አውጡ፣ ካህኑ የሚፈርሙት እሱ ላይ ነው፣ ምስክር የሚያስፈልገውም የማያስፈልገውም ስቴት ስላለ የራሳችሁን ካውንቲ ጠይቁ።