ፊትዎን በሌላ ሰው ገላ ላይ ገጥመው ቢለቁት

የአክስቴ ልጅ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ፊቷን ከምረቃ ፎቶዋ ላይ ወስደው በሌላ ሴት እርቃን ላይ ገጥመው ቴሌግራም ቻናል ላይ ለቀውታል። በድንጋጤ ወዲያው ሪፖርት አደረገችው። በማግስቱ ፖስቱ ጠፋ፤ በሳምንቱ ሌላ ቻናል ላይ ብቅ አለ። ፖሊስ ጋ ስንሄድ መጀመሪያ ማን እንደለቀቀው የምናሳይበት ምንም ነገር በእጃችን አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስረጃ ይያዙ፣ ከዚያ ሪፖርት ያድርጉ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ስክሪንሾት ሲያነሱ ምስሉን ብቻ ቆርጠው አያስቀሩ። የቻናሉ ስም፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየው ቁጥርም አብረው ይታዩ። ቀጥሎ የፖስቱን ሊንክ ኮፒ ያድርጉ። የግል ቻናል ከሆነ ሊንኩ `t.me/c/1234567890/56` ይመስላል። ረጅሙ ቁጥር የቻናሉ መለያ ነው፣ የመጨረሻው የፖስቱ። የቻናሉን ስም ነገ ሊቀይሩት ይችላሉ፤ መለያ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ምስሉን “እዩልኝ” ብለው ለማንም አይላኩ። ምክር ከፈለጉ የሚያምኑት ሰው እርስዎ ስልክ ላይ ይየው።

ከዚያ ፊትዎ የተወሰደበትን ዋናውን ፎቶ ይፈልጉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኛን የረዳን ግን እሱ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የምረቃ ቆቡ ግንባሯ ላይ የጣለው ጥላ በሐሰተኛው ምስል ላይም አለ፤ ቆቡ ግን የለም። ያን ፎቶ የት የት እንደለጠፉት ያስታውሱ። ለጥቂት ጓደኞች ብቻ የታየ ከነበረ ጥርጣሬው ይጠባል።

አሁን ሪፖርት ያድርጉ። ቴሌግራም ላይ ፖስቱን ራሱን ሪፖርት አድርገው ሊንኮቹን ወደ `abuse@telegram.org` ይላኩ። ለፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ምስሉ እንዳይሰራጭ የሚረዳ `StopNCII.org` የሚባል ድረ ገጽ አለ። እርቃን ወይም ወሲባዊ ምስል ከሆነ፣ በቅንብር የተሠራም ቢሆን ይቀበላል። ምስሉ ከስልክዎ አይወጣም፤ ከሱ የሚወጣ መለያ ኮድ ብቻ ለድርጅቶቹ ይደርሳል። በደንብ ከተቆረጠ ወይም ከተቀየረ ግን ኮዱ ላይገጥም ይችላል፤ አዲሱን ቅጂ እንደገና ያስገቡ። ጉግል ፍለጋ ላይ ከወጣም እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል፣ ምስሉ ከዋናው ድረ ገጽ ግን አይጠፋም።

ምስሉ ላይ ያለው ልጅ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ምስሉን አያስቀምጡ፣ ለማንም አያስተላልፉ። ሊንኩን ብቻ ይጻፉና የሕፃናት ወሲባዊ ምስል ጥቆማ በሚቀበለው `report.cybertip.org` ላይ ያመልክቱ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ክብርንና መልካም ስምን የሚያጎድፍ ምስል በኮምፒዩተር ሥርዓት ማሰራጨትን ይቀጣል። የሚያስከስሰው ግን ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፤ ሌላ ሰው ያመለክትልኛል ብለው አይጠብቁ። ሲሄዱ የታተመውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ዋናው ፎቶ ያለበትን ስልክም ይያዙ፤ ፎቶው መቼ እንደተነሳ ፋይሉ ላይ ይታያል።