ለአንድ ግድግዳ ስንት ብሎኬትና ስንት ሲሚንቶ ያስፈልጋል? አቆጣጠሩ ደረጃ በደረጃ

ብሎኬት ሲቆጠር ብዙ ሰው የሚያደርገው የግድግዳውን ስፋት በካሬ ሜትር አውጥቶ በ13 ማባዛት ነው። ለቶሎ ግምት አያስከፋም። ችግሩ በሩ፣ መስኮቱና ከእነሱ በላይ የሚጋደመው ሊንቴል የወሰዱት ቦታ አብሮ መቆጠሩ ነው፤ የግድግዳው ቁመት በረድፍ ሲከፈል እኩል ይደርስ እንደሆነም አይታወቅም። ብሎኬቱን የሚያያይዘው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ፣ ሞርታሩ፣ ደግሞ ጭራሽ በግምት ይቀራል። እዚህ አንድ ግድግዳ ይዘን እስከ መጨረሻው እንቆጥራለን። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ነው። 90 ሳ.ሜ በ2.10 ሜትር የሆነ በር እና 1.50 ሜትር በ1.20 ሜትር የሆነ መስኮት አለው። ብሎኬቱ 40 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 20 ሳ.ሜ ቁመት፣ 20 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው ነው።

1. ብሎኬቱን ከነመጋጠሚያው ለኩ

በመጀመሪያ አሥር ብሎኬት ገጥማችሁ ደርድሩና በሜትር ለኩ። ልክ 4 ሜትር ከመጣ ብሎኬቱ እውነተኛ 40 ነው። 3.90 ከመጣ ግን አንዱ 39 ሳ.ሜ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው 40 የሚሆነው ከመጋጠሚያው ጋር ተደምሮ ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ብሎኬት ገደማ ስለሚያመጣ ሳይለኩ መጀመር አይገባም።

የእኛ ብሎኬት እውነተኛ 40 በ20 ነው። መጋጠሚያው 1 ሳ.ሜ ሲሆን አንዱ ብሎኬት በግድግዳው ላይ የሚይዘው 0.41 × 0.21 = 0.0861 ካሬ ሜትር ነው። 1 ለ0.0861 ሲካፈል በካሬ ሜትር 11.6 ብሎኬት ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚባለው 12.5 መጋጠሚያውን ያልቆጠረ ነው።

2. ቁመቱን በረድፍ ክፈሉ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በኋላ ግንበኛውን የሚያስቸግረው ግን እሱ ነው። 3 ሜትር ለ21 ሳ.ሜ ሲካፈል 14 ረድፍ ሆኖ 6 ሳ.ሜ ይተርፋል። ያ 6 ሳ.ሜ በሞርታር ይሞላ ከተባለ 6 ሜትር × 0.06 × 0.20 = 72 ሊትር ይፈጃል። ከታች እንደምናየው ይህ ግድግዳው በሙሉ ከሚፈልገው ሞርታር ከሲሶ በላይ ነው፤ ወፍራም ሞርታር ደግሞ ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከተቻለ ቁመቱ ከግንባታ በፊት ወደ 2.94 ሜትር ይስተካከል፤ ካልተቻለም ቀሪው ለብቻው በኮንክሪት እንዲሞላ ይታሰብ። እኛ 14 ረድፍ፣ ማለትም 2.94 ሜትር እንይዛለን።

የበሩ 2.10 ሜትር ልክ 10 ረድፍ ነው፤ ሊንቴሉ 20 ሳ.ሜ ከሆነ ከመጋጠሚያው ጋር 11ኛውን ረድፍ ይሞላል። የመስኮቱ ራስ ከበሩ ጋር እኩል ከሆነ ሥሩ 90 ሳ.ሜ ላይ ነው። አራት ረድፍ ግን የሚደርሰው 84 ላይ ነው። በመካከል ያለውን 6 ሳ.ሜ በመስኮቱ ሥር የሚፈስ ኮንክሪት ይሞላዋል እንጂ ብሎኬት አግድም መቁረጥ አያስፈልግም።

3. ብሎኬት የማይገባበትን ቀንሱ

ጠቅላላው ስፋት 6.00 × 2.94 = 17.64 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ የሚቀነሰው፦

- በሩ፦ 0.90 × 2.10 = 1.89
- መስኮቱ ከሥሩ ኮንክሪት ጋር፦ 1.50 × 1.26 = 1.89
- የበሩ ሊንቴል፦ 1.30 × 0.21 = 0.27
- የመስኮቱ ሊንቴል፦ 1.90 × 0.21 = 0.40

ሊንቴሉ ከክፍቱ የሚረዝመው በግራና በቀኝ 20 ሳ.ሜ ግድግዳው ላይ ስለሚያርፍ ነው። የሁሉም ድምር 4.45 ይሆናል፤ ስለዚህ የሚገነባው 13.19 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። የሚቀነሰው ግድግዳው ላይ የሚተወው ክፍት ልክ እንጂ የመዝጊያው ልክ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ፍሬሙ የሚገባበት ቦታም ተጨምሮ ይለካል።

ግድግዳው ማዕዘን ላይ ከሌላ ግድግዳ ጋር ከተገናኘ ሁለቱንም ከውጭ በኩል መለካት ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ ያስቆጥራል። በዚህ ቁመት በአንድ ማዕዘን 0.20 × 2.94፣ ማለትም ሰባት ብሎኬት ያህል በትርፍ ይገባል። ኮለን ካለም ስፋቱ እንደ ክፍት ይቀነሳል።

4. ብሎኬቱን ቁጠሩ

13.19 ለ0.0861 ሲካፈል 153.2 ይመጣል። በዚህ ላይ ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው ይጨመራል። የግድግዳው ርዝመትና የክፍቶቹ ወርድ በብሎኬት ልክ የተሠራ ከሆነ 5 በመቶ ይበቃል። የኛ እንደዚያ አይደለም፦ 14 ሙሉ ብሎኬት 5.74 ሜትር ስለሚይዝ ክፍት በሌለበት ረድፍ ሁሉ አንድ የ26 ሳ.ሜ ቁራጭ ይገባል፤ በበሩና በመስኮቱ ጎንም ቁርጥ አለ። ስለዚህ 10 በመቶ ጨምረን 169 ብሎኬት እናዛለን። በ13 ተባዝቶ ክፍቱ ሳይቀነስ ቢሆን ኖሮ 234 ይታዘዝ ነበር።

የ26 ሳ.ሜ ቁራጩ በአንዱ ረድፍ በግራ፣ በሚቀጥለው በቀኝ ጫፍ ይግባ። ያን ጊዜ ቁም መጋጠሚያዎቹ በ14 ሳ.ሜ ይራራቃሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ቀጥ ብሎ እየተደራረበ ስንጥቅ የሚወርድበት መስመር አይፈጠርም።

5. ሞርታሩን አስሉ

አንድ ብሎኬት የሚፈልገው ሞርታር በዙሪያው ያለው መጋጠሚያ ነው፦ (0.0861 − 0.08) × 0.20 = 0.00122 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1.22 ሊትር። ለ153.2 ብሎኬት 187 ሊትር ይሆናል። መሬት ላይ ለሚወድቀውና ወደ ብሎኬቱ ቀዳዳ ለሚገባው 25 በመቶ ሲጨመር 234 ሊትር ይደርሳል። ቀዳዳው ከላይ እስከ ታች ክፍት የሆነ ብሎኬት ከዚህም በላይ ይውጣል፤ አንድ ፊቱ የተደፈነ ከሆነ የተደፈነውን ወደ ላይ አድርጎ መገንባት ይሻላል።

ደረቁ ሲሚንቶና አሸዋ ውሃ ሲገባው መጠኑ ስለሚቀንስ በ1.3 እናባዛለን፦ 304 ሊትር ደረቅ ድብልቅ። ድብልቁ አንድ ለአራት ከሆነ አንዱ ክፍል 61 ሊትር ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ 35 ሊትር ገደማ ስለሚሆን 1.74 ከረጢት፣ በግዢ 2 ከረጢት ያስፈልጋል። አሸዋው 243 ሊትር ነው፤ እርጥብ አሸዋ ግን ስለሚያብጥ እስከ ሩብ የሚደርስ ተጨማሪ ይያዝለት፣ 0.30 ሜትር ኩብ ይበቃል። ለመስፈሪያ ውስጡ 40 በ35 በ25 ሳ.ሜ የሆነ ሳጥን ሥሩ። በትክክል 35 ሊትር ስለሚይዝ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ አራት ሳጥን አሸዋ ማለት ነው። በአካፋ መቁጠር ግን ድብልቁን በየጊዜው ያለያየዋል።

ውፍረቱ 15 ወይም 10 ሳ.ሜ የሆነ ብሎኬት ቁጥሩ አይለወጥም፤ ሞርታሩ ብቻ ወደ 0.92 እና 0.61 ሊትር ይወርዳል። 25 በ12 በ6 ሳ.ሜ የሆነ ጡብ በ12 ውፍረት ሲገነባም ስሌቱ ያው ነው፦ 0.26 × 0.07 ስለሆነ በካሬ ሜትር 55 ጡብና ያለ ብክነት 21 ሊትር ሞርታር ይወጣል።

6. ሥራው ሲጀመር አረጋግጡ

በዚህ ስሌት አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 88 ብሎኬት ያህል መገንባት አለበት። የመጀመሪያው ከረጢት ሲያልቅ የተገነባውን ቁጠሩ። 60 አካባቢ ከሆነ መጋጠሚያው 1 ሳ.ሜ ሳይሆን 1.5 ሆኗል ማለት ነው፤ ግማሽ ሳ.ሜ ለአንድ ብሎኬት የሚገባውን ሞርታር ከ1.22 ወደ 1.85 ሊትር ያደርሰዋል። ቁመቱንም ለኩ፦ አምስት ረድፍ 1.05 ሜትር መሆን ሲገባው 1.075 ከሆነ ጥርጣሬው ልክ ነው፣ በዚያው ከቀጠለም 14ኛው ረድፍ በ7 ሳ.ሜ ከፍ ይላል። መጋጠሚያው ልክ ሆኖ ሞርታሩ ቶሎ ካለቀ ብክነቱን ፈልጉ፦ ወይ ወደ ቀዳዳው እየገባ ነው፣ ወይም በአንዴ ብዙ ተቦክቶ ሳይሠራበት እየደረቀ ነው። ሞርታር ከተቦካ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ መጠንከር የጀመረውን ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ጥንካሬውን ያሳጣዋል።