ብዜቱ ደህና፣ ብዛቱ ስህተት፦ የአንድ አክሲዮን ዋጋ ሲዛባ

ኢቢትዳን በብዜት አባዝቶ የድርጅቱን ዋጋ ማውጣት፣ ከዚያ የተጣራ ዕዳውን ቀንሶ ለአክሲዮን ብዛት ማካፈል የምታውቁት ነገር ነው። እዚህ የምጽፈው ስሌቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ውጤቱ «ምን ሆነ?» ሲያሰኝ ስለሚደረገው ነው። አዳማ ውስጥ ለዱቄትና ለፓስታ ፋብሪካዎች፣ ለሆቴሎችም ይህን ስሠራ ከመጡልኝ ብልሽቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው።

ምልክት፦ የአንድ አክሲዮን ዋጋ ባለፈው ወር አዲስ ሰው ከገባበት ዋጋ በጣም በልጦ ይወጣል

ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ብዜቱን ይጠረጥራል። «አምስት በዛ፣ አራት ተኩል እናድርገው» ይባልና ቁጥሩ ልብ እስኪያሳርፍ ድረስ ይቀነሳል። እባካችሁ ብዜቱን አትንኩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ለአክሲዮን የተሰበሰበው ገንዘብ ባንክ ገብቶ፣ አክሲዮኑ ግን ገና የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ባለመግባቱ ነው።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ እንዲህ ነበር (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ)። ኢቢትዳ 60 ሚሊዮን ብር፣ ብዜት 5፣ ስለዚህ የድርጅቱ ዋጋ 300 ሚሊዮን። የባንክ ብድርና ኦቨርድራፍት ተደምሮ 110 ሚሊዮን፣ ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ 50 ሚሊዮን። የተጣራ ዕዳው 60 ሚሊዮን ሆነ፣ ለባለአክሲዮኖች 240 ሚሊዮን ቀረ። የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ 200,000 አክሲዮን ስላለ አንዱ 1,200 ብር ወጣ።

ስብሰባው የተጠራው 6,000 አክሲዮን ይዘው የሚወጡ አንድ መሥራች ስለነበሩ ነው። ቁጥሩ ሲነበብ እሳቸው ፈገግ አሉ። ከኋላ የተቀመጡ ሌላ ሽማግሌ ግን እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ እኔ እኮ የወንድሜን ልጅ በአንድ ሺ ብር ያስገባሁት በቀደም ነው። በአንድ ወር ሁለት መቶ ብር አተረፈ ማለት ነው?» አሉኝ። ከቤቱ ሁሉ ስሌቱን በትክክል የመረመሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ጋሼ፣ ነገ ልመለስበት» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ቦክስ ፋይሉን አወረደችልኝ። የባንክ ማስገቢያ ደረሰኞቹ በላስቲክ ታስረዋል፣ እያንዳንዱ ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለአክሲዮን» ተብሎ ተጽፏል። ስደምራቸው 30 ሚሊዮን ብር መጡ። ትሪያል ባላንሱ ላይ ይህ ገንዘብ «ልዩ ልዩ ተከፋይ» ውስጥ ተወሽቋል። ኦዲተር ያላየውን ነገር ሁሉ እዚያ የሚከት ሰው መቼም አይጠፋም።

እንግዲህ 50 ሚሊዮኑ ጥሬ ገንዘብ ውስጥ 30 ሚሊዮኑ የአዲሶቹ ነው። የተጣራውን ዕዳ አሳንሷል፣ በሺ ብር ሒሳብ የሚደርሳቸው 30,000 አክሲዮን ግን አካፋዩ ውስጥ የለም። በሰው ገንዘብ የነባሮቹ ዋጋ አበጠ።

መፍትሄው የሚወሰነው በቃለ ጉባኤውና በንግድ ምዝገባው ነው። በስሌቱ ቀን የካፒታል ጭማሪው ጸድቆ ተመዝግቦ ከሆነ ገንዘቡን ጥሬ ገንዘብ ውስጥ ተዉት፣ ዕዳ አትበሉት፣ አክሲዮኑን ጨምሩ። 240 ሚሊዮን ለ230,000 ሲካፈል 1,043 ብር ከ48 ሳንቲም ይሆናል። ካልተመዘገበና ገንዘቡ ተመላሽ ሊሆን የሚችል ከሆነ ደግሞ 30 ሚሊዮኑን እንደ ዕዳ ቁጠሩት፣ አክሲዮኑን አትጨምሩ። 210 ሚሊዮን ለ200,000 ሲካፈል 1,050 ብር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ስድስት ብር ከሃምሳ ገደማ ስህተት አይደለም፤ አዲሶቹ ከዋጋው ዝቅ ብለው በሺ ብር ስለገቡ ነባሮቹ ያጡት ነው። በ1,050 ገብተው ቢሆን ሁለቱም መንገድ አንድ ቁጥር ይሰጥ ነበር። እኔ ሥራዬን የምፈትሸው እንዲህ ነው።

በዚያ ፋብሪካ ጭማሪው ተመዝግቦ ስለነበር 1,043 ከ48 ያዝን። ለሚወጡት መሥራች ልዩነቱ 939 ሺ ብር ገደማ ነው። ፈገግታቸው ጠፋ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱን መፍትሄ አትቀላቅሉ። ይህን ከነገርኩት በኋላ አንድ ባለሙያ 30 ሚሊዮኑን ዕዳ ውስጥም ጨመረ፣ 30,000 አክሲዮኑንም ጨመረ፤ 913 ብር አወጣ። አዲሶቹ ከገቡበት ዋጋ በታች ሲወርድ ደግሞ «ድርጅቱ ተዳክሟል» የሚል ማብራሪያ ጻፈበት! ገንዘቡ፣ ዕዳውና ብዛቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ አቋም ይቆጠሩ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የአክሲዮን ብዛትን ከድርጅቱ ብሮሹር ወይም ካለፈው ዓመት ሪፖርት አትውሰዱ። የባለአክሲዮኖችን መዝገብ ራሱን ክፈቱ፣ ከቃለ ጉባኤውና ከንግድ ምዝገባው ጋርም አስተያዩት።

ምልክት፦ አክሲዮኑን ከጨመራችሁ በኋላ ዋጋው ከሚገባው በታች ይወርዳል

ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ፈርመው ሙሉውን አልከፈሉም። ከላይ ባለው ምሳሌ 30,000 ተፈርሞ የገባው 10 ሚሊዮን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሬ ገንዘቡ 30 ሚሊዮን፣ የባለአክሲዮኖች ዋጋ 220 ሚሊዮን ይሆናል። ለ230,000 ስታካፍሉት 956 ብር ከ52 ሳንቲም ይወጣል፣ ይህ ግን ልክ አይደለም። ወይ ያልተከፈለውን 20 ሚሊዮን እንደሚሰበሰብ ቆጥራችሁ ላዩ ላይ ደምሩ፣ ወይ የተከፈለውን ያህል 10,000 አክሲዮን ብቻ ቁጠሩ። ፈርመው የጠፉ ካሉ የመጀመሪያው መንገድ ራስን ማታለል ነው።

ምልክት፦ ጥሬ ገንዘቡ ብዙ ነው፣ ድርጅቱ ግን ደሞዝ ለመክፈል ኦቨርድራፍት ይስባል

ለኤልሲ የተያዘ ማርጂን ጥሬ ገንዘብ ተብሎ ተቆጥሯል። ከዚያው ፋብሪካ 50 ሚሊዮን ውስጥ 8 ሚሊዮኑ ባንኩ የያዘው ነበር። ለመለዋወጫና ለጥሬ ዕቃ የሚያዘው ማርጂን የዕለት ሥራው አካል ነው፤ ኢቢትዳው የሚመጣው በእሱ ስለሆነ በብዜቱ ዋጋው ተከፍሏል። ሲወጣ 232 ሚሊዮን ለ230,000፣ ማለት 1,008 ብር ከ70 ሳንቲም ይቀራል። ማርጂኑ ገና ላልመጣ አዲስ ማሽን ከሆነ ግን ኢቢትዳው ውስጥ ምንም የለበትም፤ ያን ጊዜ መቁጠሩ ያከራክራል፣ እኔ እቆጥረዋለሁ። የባንኩን ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ፤ የታገደው ለብቻው ተጽፎ ይመጣል።

ምልክት፦ የውጭ ምንዛሪ ዕዳ አለ፣ ዓመት ሙሉ ግን መጠኑ አልተንቀሳቀሰም

ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በድሮው ምንዛሪ የተቀመጠ ዕዳ ሐሰት ነው። ለማሽን አቅራቢ ያልተከፈለ 100,000 ዶላር በ57 ብር ተመዝግቦ ከቆየ 5.7 ሚሊዮን ይላል፤ በ130 ብር ሲሰላ 13 ሚሊዮን ነው። 7.3 ሚሊዮኑ ለ230,000 አክሲዮን 31 ብር ከ74 ሳንቲም ይቀንሳል። በስሌቱ ቀን ምንዛሪ ቀይሩት።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ፦ ኢቢትዳው የሕንፃ ኪራይ ካልተቀነሰበት የሊዝ ዕዳው የተጣራ ዕዳ ውስጥ ይግባ። የጸደቀ ግን ያልተከፈለ ትርፍ ክፍፍል ዕዳ ነው። ቅርንጫፍ ኩባንያው ውስጥ የሌላ ሰው ድርሻ ካለ ይቀነስ። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወጣና ዕዳውን ሁለቴ ካልቆጠራችሁት ደግሞ ዕዳው እውነትም ከድርጅቱ በልጧል፤ ያን ጊዜ የምትነጋገሩት ከባንኩ ጋር ነው።