ስክሪን ስታስቀይሩ «ኦሪጅናል ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ሞባይል መጠገን ከጀመርኩ ስድስት አመት ሊሞላኝ ነው፣ የተሰበረ ስክሪን ይዞ ከሚመጣው ሰው አፍ መጀመሪያ ሚወጣው ጥያቄ ግን እስከዛሬ አልተቀየረም። «ኦሪጅናል አለህ?» እኔ አለኝ እላለሁ፣ ጎረቤቴም አለኝ ይላል፣ መርካቶ ያለውም አለኝ ይላል፣ ሶስታችንም ምናወጣው እቃ ግን ለየቅል ነው። ማናችንንም ዋሸህ ብላችሁ አትይዙንም፣ ምክንያቱም ኦሪጅናል ሚለው ቃል ገበያ ውስጥ ማንም እንደፈለገ ሚጎትተው ሆኗል።

አንዱ ኦሪጅናል አምራቹ ራሱ ለጥገና ብሎ ያወጣው ነው። የሳምሰንግ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከነፍሬሙ በካርቶን ይመጣል፣ ካርቶኑ ላይ በጂኤች82 ሚጀምር ቁጥር አለው (ካርቶኑንም ቁጥሩንም አስመስሎ ሚያትም ስላለ ቁጥሩን አየሁት ብላችሁ እንዳትዝናኑ)። ሌላው ኦሪጅናል ቦርዱ ከተቃጠለ ስልክ ላይ የተነቀለ ነው፣ እውነትም የፋብሪካው ነው ግን ሰው ሁለት ሶስት አመት ተጠቅሞበታል። ሪፈርቢሽድ ሚባለው ደግሞ ምስል ሚያወጣው ፓነል የድሮው ሆኖ ከላይ ያለው መስታወት ብቻ የተቀየረለት ነው፣ እሱንም ኦሪጅናል ብለው ይሸጡታል፣ ግማሽ እውነት ነው። ከዛ ሙሉ በሙሉ ኮፒ ሆኖ «አንደኛ ደረጃ ኦሪጅናል» ተብሎ ሚሸጥ አለ። ኦሪጅናል ደረጃ ካለው ምኑን ኦሪጅናል ሆነ፣ እሱን ሻጩን ጠይቁት።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። ፓነል በአብዛኛው ሁለት አይነት ነው፣ ነጥቦቹ በራሳቸው ሚበሩት አሞሌድና ከጀርባው መብራት ያለው ኤልሲዲ። «ፓነሉ አሞሌድ ነው ኤልሲዲ? መስታወቱ ተቀይሮለታል? ስክሪን ላይ ያለው አሻራ ይሰራል?» በሉ፣ መልሱንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ኦሪጅናል ነው ብሎ ሲምል የነበረ ሰው «አሞሌድ» ብለህ ጻፍልኝ ስትሉት እጁ ከበድ ካለው መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ስህተት ልግባ፣ አሞሌድ ሆኖ ለተሰራ ስልክ የኤልሲዲ ኮፒ ማስገጠም። ይሄን በሳምንት ሁለቴ አያለሁ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛዬ ሳምሰንግ ኤ51 ይዞ መጣ። ስልኩ ወድቆበት መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ምስሉ ግን ንጹህ ነው፣ ታቹም ይሰራል። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ ወስዶት በግማሽ ሰዓት «ኦሪጅናል» ገጠሙለት፣ ደስ ብሎት ከፈለና ሄደ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እኔ ጋ ሲመጣ ያለኝ «ባትሪ ቀይርልኝ» ነው። ጠዋት ሞልቶ ወጥቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋበታል፣ ፀሀይ ላይ ደግሞ ማን እንደደወለ አይታየውም። አሻራውስ ስለው «እሱማ ከተቀየረ ጀምሮ አይሰራም፣ ሴቲንግ ነው አሉኝ» አለኝ።

ሴቲንግ አይደለም። የኤ51 አሻራ ማንበቢያ ከስክሪኑ ስር ነው ያለው፣ ሚሰራውም በብርሀን ነው፣ ስክሪኑ ጣታችሁን ያበራል፣ ከጣታችሁ የተመለሰው ብርሀን ፓነሉን አልፎ ከስር ላለው ሴንሰር ይደርሳል። አሞሌድ ስስ ነው፣ እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ ስለምትበራ ከኋላዋ ሌላ መብራት የለም፣ ብርሀኑ ያልፋል። ኤልሲዲ ግን ከጀርባው መብራትና መብራቱን ሚበትኑ ሽፋኖች አሉት፣ ሴንሰሩ ከነሱ ጀርባ ታውሮ ይቀራል። መቶ ጊዜ ሪሴት ብታደርጉት፣ ሶፍትዌር ብታስጭኑት አያይም። ባትሪውም የሚያልቀው በዚሁ ምክንያት ነው። አሞሌድ ላይ ጥቁር የሆነ ቦታ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ምንም አይበላም፣ ኤልሲዲው ግን ጥቁር እያሳያችሁም የጀርባው መብራት እንደበራ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ፀሀይ ላይ አልታይ ሲለው ብርሀኑን እስከ መጨረሻው ገፍቶት ቀኑን ሙሉ ይነዳል።

ባትሪውን ሳልነካ ሱቁን ጨለም አርጌ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ከፈትኩለት። አሞሌድ ቢሆን ስልኩ የጠፋ ነበር ሚመስለው፣ የሱ ግን ግራጫ ሆኖ በራ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብርሀን ይፈሳል። ከታች ያለው ጥቁር ጠርዝም ከሌላ ኤ51 ጋ አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጠው በጣም ሰፊ ነው፣ ስክሪኑም ወፍራም ስለሆነ ፍሬሙ ውስጥ አልተቀመጠም፣ ጥፍር ሲነካው ከፍ ይላል፣ በዛ ክፍተት የሰፈራችን አቧራ መግባት ጀምሯል። ሰውየው ዝም ብሎ አየኝና «እና ባትሪው ደህና ነው?» አለኝ። ደህና ነበር።

የሚያንገበግበው የመጀመሪያው ስክሪኑ ነው። ምስሉና ታቹ ደህና የሆነ የፋብሪካ አሞሌድ፣ የተሰበረው ከላይ ያለው መስታወት ብቻ። እሱን «ቆሻሻ ነው» ብለው አስቀሩበት። ቆሻሻ አይደለም ወንድሜ! እንደዛ አይነቱን ፓነል በገንዘብ ሚገዙ አሉ፣ ሪፈርቢሽድ ተብሎ ተመልሶ ሚሸጠው እኮ እሱ ነው። የራሱ ስክሪን ላይ መስታወት ብቻ አስቀይሮ ቢሆን አሻራውም ቀለሙም ይተርፍለት ነበር። መጨረሻ ላይ ሪፈርቢሽድ ገዝቶ ሁለቴ ከፈለ፣ ምናልባትም የራሱን ፓነል መልሶ ገዝቶ ይሆናል፣ ይሄን እሱ ፊት አላልኩትም። ስክሪን ስታስቀይሩ የድሮውን ስጡኝ በሉ፣ ወይ ከሂሳብ ላይ ይቀነስላችሁ።

ዋጋ ስንት ነው ለምትሉ፣ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ሰኞ የጻፍኩት አርብ ያሰድበኛል።

ሪፈርቢሽድ ሲባል አፍንጫቸውን ሚነፉ አሉ፣ ያገለገለ አልፈልግም ይላሉና ሄደው አዲስ ኮፒ ይገዛሉ። ለአሞሌድ ስልክ እኔን ከጠየቃችሁኝ በደንብ የተሰራ ሪፈርቢሽድ ከአዲስ ኮፒ ይሻላል፣ «በደንብ የተሰራ» ሚለው ላይ ግን ልቆይ። ስራው እንዲህ ነው፣ ስክሪኑ የጋለ ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ በፓነሉና በመስታወቱ መሀል ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይሳባል፣ የድሮው ሙጫ ይጸዳል፣ አዲስ መስታወት ከነሙጫ ሽፋኑ አየር በሚመጥ ማሽን ይለጠፋል፣ ከዛ ግፊት ያለው ጋን ውስጥ ገብቶ አረፋው ይጠፋል። ማሽኑም አቧራ የሌለበት ክፍልም ያስፈልጋል። እኔ አልሰራውም፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ አስፋልት የለም፣ አንድ ሲኖትራክ ካለፈ ቡና እንኳ ክዳን ይፈልጋል። ከተማ እልከዋለሁ፣ አንድ ሁለት ቀን ይወስዳል። «እዚሁ አሁኑኑ መስታወቱን ብቻ እቀይርልሀለሁ» ያላችሁ ሰው ማሽኑን ያሳያችሁ።

ስትረከቡ በስልክ ባትሪ መብራት ከጎን አብሩበትና አቧራ ወይ አረፋ ካለ እዩ። ጠብታ ውሀ አድርጉበት፣ ደህና መስታወት ላይ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቆማል፣ ርካሹ ላይ ይዘረጋል፣ ያ ማለት በሳምንቱ በጣት ወዝ ይጨማለቃል። ከዛ ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ ይሄን ጻፉ፦

```
*#0*#
```

ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን አንድ በአንድ ክፈቱና ሙሉውን ስክሪን ተመልከቱ። የኪቦርድ ወይም ከላይ ያለው የሰዓትና የባትሪ ምልክት ጥላ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ፓነሉ ብዙ ያገለገለ ነው፣ ያ ጥላ አይለቅም። ቀጥሎ Touch ሚለውን ክፈቱና ሁሉንም ሳጥን በጣት ሙሉ፣ ጥጋጥጉ ላይ አልሞላ ካለ አትቀበሉ። በመጨረሻ የድሮውን አሻራ አጥፍታችሁ እዛው ቆማችሁ አዲስ መዝግቡ። ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ግን፣ የተሰበረው ስክሪናችሁ መስመር ካሳየ፣ ጥቁር ቀለም እንደ ፈሰሰ ከሆነ ወይ አረንጓዴ ከሆነ ፓነሉ ራሱ ሞቷል፣ መስታወት ቀይሩልኝ ብላችሁ አትልፉ።

ኮፒ አሞሌድም አለ፣ ኦሌድ ይሉታል። ለሳምሰንግ ኤ ሚመጡት አንዳንዶቹ ምስላቸው አነስ ብሎ ጠርዙ ይሰፋል፣ አሻራው አንዱ ላይ ይሰራል አንዱ ላይ አይሰራም፣ ስለዚህ ሳይለጠፍ ሰክተው ያሳዩአችሁ።

ሳይለጠፍ ካልኩ አይቀር፣ ጀማሪ ጠጋኞች ሆይ፣ ባትሪውን ሳትነቅሉ ስክሪን አትሰኩ። እኔ በጀመርኩ በሶስተኛው ወር የሰው አይፎን 6 ላይ ባትሪው እንደተሰካ አዲስ ስክሪን ሰካሁ፣ ቦርዱ ላይ የስክሪን መብራት መስመር ተቃጠለ፣ ምስሉ አለ ብርሀን የለም። የወር ገቢዬ ነው የሄደው፣ እንጀራ በሽሮ እንኳ በዱቤ ነበር። ባትሪ ንቀሉ፣ ስክሪኑን ስኩ፣ ባትሪውን መልሱ፣ አብሩ፣ አስር ደቂቃ ሞክሩ፣ ከዛ ነው ሙጫ።

አይፎን ላላችሁ አጭር ላርገው። ከአይፎን 11 ጀምሮ አምራቹ ያላወቀው ስክሪን ሲገባ Settings ውስጥ General ከዛ About ላይ Unknown Part ብሎ ይጽፋል። ከሌላ አይፎን የተነቀለ እውነተኛ ስክሪንም ሊያስጽፍ ስለሚችል ጽሁፉን አይታችሁ ብቻ ጠጋኙን ሌባ አትበሉት፣ ስልክ ስትገዙ ግን መጀመሪያ ምታዩት እዛ ይሁን። ከአይፎን ኤክስ እስከ 12 ያሉት ላይ ደግሞ የጆሮ ስፒከሩ ፍላት ገመድ ከስክሪኑ ጋ ነው ያለው፣ የፌስ አይዲ አንድ ክፍል እሱ ላይ ስላለ ከድሮው ስክሪን ተፈቶ ወደ አዲሱ መዛወር አለበት። ከተቀደደ ፌስ አይዲ ሄደ፣ ሌላ ገዝታችሁ ብትሰኩም አይመለስም፣ ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ፌስ አይዲው እንደሚሰራ አሳይታችሁ ስጡ።

እና እናንተ ቴክኖ ወይ ሳምሰንግ ኤ12 የያዛችሁ፣ ይሄን ሁሉ አንብባችሁ ኦሪጅናል ፍለጋ መርካቶ እንዳትዞሩብኝ። የኤ12 ስክሪን ከፋብሪካውም ኤልሲዲ ነው፣ አሻራውም ጎን ላይ ነው፣ ርካሽ ቴክኖዎችም አብዛኞቹ ኤልሲዲ ናቸው። ደህና ኮፒ ይበቃችኋል፣ ታቹን ሞክሩ፣ ፀሀይ ላይ አውጥታችሁ እዩት፣ በቃ።