እናቴ «አይኔን አመመኝ» ሳትል የገባኝ እንዴት ነው

ከኮምቦልቻ ደሴ በሄድኩ ቁጥር እናቴ አንድ ወሬ ታነሳለች። «የጎረቤታችን ልጅ እናቱን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስዶ አይኗን አሳየላት። ተባረክ!» ሁለት ጊዜ ሰምቼ አለፍኩት። ሦስተኛው ላይ እጇን አየሁ። ምስሩን በር ላይ፣ ብርሃን ፈልጋ፣ በጣቷ እየዳበሰች ትለቅማለች።

«አይንሽን ያምሻል እንዴ?» አልኳት።

«ምን ሆንኩ ብለህ! ደህና ነኝ።»

ስህተቴ ጥያቄው ነበር። እሷ ስለ ራሷ አታወራም፣ በሰው ታሪክ ነው የምትናገረው። ያው ወሬ ሲደጋገም የራሷ ጉዳይ ነው።

በሚቀጥለው ጥያቄውን ተውኩና ቀኑን ቆርጬ ነገርኳት። «እማዬ፣ ማክሰኞ በጠዋት ቦሩ ሜዳ እንሄዳለን።»

«ሥራህን ለእኔ ብለህ?»

ድሮ እዚህ ላይ እተወው ነበር። ግን ይሄ እምቢታ አይደለም፣ እንዳላስቸግርህ ማለቷ ነው። በእውነት ካልፈለገች መልስ አትሰጥም፣ ወሬ ትቀይራለች።

«ፈቃድ ወስጃለሁ» አልኳት። ዝም አለች። ሁለተኛውን ቡና ቀዳችልኝና፣ «እንግዲያ ነጠላዬን ልጠበው» አለች። እሺታዋ ይህ ነው።

ምርመራው የአይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። አሁን የቀዶ ጥገናውን ቀን እየጠበቅን ነው። ትናንት ስደውል፣ «የጎረቤታችን ልጅ እኮ እናቱ ጋ አደረ» አለችኝ። የዚያን ሌሊት እዚያው አድራለሁ።