ድምሩ 360 ስለሞላ ብቻ አትመኑት፦ ከፓይ ቻርት ስክሪንሾት ቁጥር ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ሰው በቴሌግራም የፓይ ቻርት ስክሪንሾት ይልክላችኋል። ከላይ «ጠቅላላ ወጪ 2.4 ሚሊዮን ብር» ይላል። ከጎን የቀለም መግለጫ አለ። ክፋዮቹ ላይ ግን ቁጥር የለም። ዋናው ሰንጠረዥ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ እናንተ ግን እያንዳንዱ ክፋይ ስንት ብር እንደሆነ ትፈልጋላችሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የክፋዩን ማዕዘን ለክታችሁ ለ360 ታካፍላላችሁ፣ በጠቅላላው ታባዛላችሁ። መጨረሻ ላይ ደምራችሁ 2.4 ሚሊዮን መምጣቱን ታያላችሁ። አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ሦስቱ ድምሩን ምንም አይነኩትም። ክፋዮቹ ሁሉ ተሳስተው ድምሩ ልክ ሊመጣ ይችላል።

ለማሳያ አንድ የማኅበር ወጪ ፈጥሬያለሁ። አምስት ክፋዮች አሉት፦ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ጥገና እና ልዩ ልዩ። ጠቅላላው ያው 2.4 ሚሊዮን ነው። በዚህ ሂሳብ አንድ ዲግሪ 6,667 ብር ገደማ ይሆናል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ክቡ ክብ መሆኑን ሳያዩ መለካት

ምስል በእጅ ሲጎተት፣ ስላይድ ወይም ፒዲኤፍ ውስጥ ሲገባ ሊለጠጥ ይችላል። አንዳንዱ ቻርት ደግሞ ገና ሲሠራ በ3ዲ ተጋድሞ ነው የሚሠራው። በሁለቱም መንገድ ክቡ ወደ እንቁላል ቅርጽ ይሄዳል፣ ማዕዘኖቹም ይዛባሉ።

ምን ያህል? አራት እኩል ክፋዮች ያሉት ቻርት አስቡ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ናቸው። እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ናቸው። አሁን ቁመቱ ብቻ ተጨምቆ ሦስት አራተኛ ይሁን። የላዩና የታቹ ክፋይ ስትለኳቸው 106 ዲግሪ ይሆናሉ፣ የጎኖቹ 74። በእኛ ጠቅላላ ብትሄዱ 600 ሺህ ብር የነበረው የላዩ ክፋይ 707 ሺህ ሆኖ ይወጣል። 106 እና 74፣ 106 እና 74 ደምሩ። 360 ይመጣል። ድምሩ ምንም አልነገራችሁም።

ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት የክቡን ወርድና ቁመት በፒክስል ተመልከቱ። 300 በ300 ከሆነ ቀጥሉ። 400 በ300 ከሆነ ምስሉን መልሳችሁ እኩል አድርጉት፣ ከዚያ ለኩ።

ሌላም መንገድ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ማዕዘኑን ትታችሁ ስፋቱን፣ ማለትም ክፋዩ የያዘውን የፒክስል ብዛት፣ ቁጠሩ። ምስል በአንድ አቅጣጫ ሲጨመቅ የሁሉም ክፋይ ስፋት በእኩል መጠን ነው የሚያንሰው። ሩብ የነበረው ሩብ ሆኖ ይቀራል። ጂምፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም Select by Color በሚለው መሣሪያ የክፋዩን ቀለም ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ Histogram መስኮት ላይ Pixels የሚለውን ታነባላችሁ። የክፋዩን ቁጥር ለሁሉም ድምር ስታካፍሉ ድርሻው ይወጣል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የቀለም መግለጫው ላይ ያለችው ትንሽ ካሬም ያው ቀለም ስለሆነች አብራ ትቆጠራለች። ቀድማችሁ ቁረጧት። 3ዲ ቻርት ላይ ከፊት የሚታየው የጎን ግድግዳ የክፋዩ አካል አይደለም፣ የላዩን ፊት ብቻ ውሰዱ። 3ዲው የቅርቡን አግዝፎ የሩቁን አሳንሶ የሚያሳይ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስፋቱም ትንሽ ያዳላል። በክፋዮች መካከል ነጭ መስመር ካለ ትንሾቹ ይጎዳሉ። የክቡ ራዲየስ 150 ፒክስል፣ መስመሩም 2 ፒክስል ቢሆን፣ እያንዳንዱ ክፋይ በሁለት ጎኑ በድምሩ 300 ፒክስል ያህል ያጣል። ከክቡ 42 በመቶ ገደማ ለሚይዘው ደመወዝ ይህ 1 በመቶ ነው። 5 በመቶ ገደማ ብቻ ለሚይዘው ልዩ ልዩ ግን 8 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ማዕዘንና ስፋት የተለያዩ መንገዶች ስለሆኑ ሁለቱንም ሞክሩ። ትልልቆቹ ክፋዮች ላይ ከአንድ በመቶ ባልበለጠ ልዩነት ከተስማሙ ጥሩ ነው። ካልተስማሙ ክቡ መጨመቁን ጠርጥሩ።

መሃሉን በዓይን መገመት

ነጥቡን ትንሽ ስታችሁ ብታስቀምጡም ማዕዘኖቹ 360 ይሞላሉ። በክቡ ውስጥ በየትኛውም ነጥብ ዙሪያ 360 ዲግሪ ነው ያለው። ራዲየሱ 150 ፒክስል በሆነ ክብ መሃሉን በ5 ፒክስል ብትስቱ፣ የተጠጋችሁበት ሩብ ክፋይ ወደ 2.7 ዲግሪ ይጨምራል፣ ማዶ ያለው ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ያ 18 ሺህ ብር ነው።

መሃሉ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው። መሃሉ ክፍት የሆነ ቻርት ከሆነ፣ ዶናት የሚሉት ማለት ነው፣ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ፣ ከላይ እስከ ታች ለክታችሁ አጋማሹን ውሰዱ። አንድ ክፋይ ወደ ውጭ ተስቦ ከሆነ የራሱ መሃል አለው፣ የራሱን ሹል ጫፍ ተጠቀሙ።

ራሱን በራሱ በሚያረጋግጥ መንገድ መለካት

ብዙ ሰው ከላይኛው መስመር ይጀምርና ድንበሮቹን በተርታ ያነባል፦ 0፣ 151፣ 238፣ 302፣ 342፣ 360። ከዚያ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። 151፣ 87፣ 64፣ 40፣ 18። ደምሮ 360 ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ግን ሌላ ቁጥር ሊመጣ አይችልም ነበር። 238 የነበረውን ተሳስቶ 258 ብሎ ቢያነበውም ኪራይ በ20 ያድጋል፣ ትራንስፖርት በ20 ያንሳል፣ ድምሩ ያው 360 ነው።

«አራቱን ለካሁ፣ አምስተኛው ቀሪው ነው» ማለትም ያው ነው። የአራቱ ስህተት ሁሉ ተጠራቅሞ አምስተኛው ላይ ይቀመጣል፣ እዚያ መቀመጡም አይታይም።

ድምሩ ቁም ነገር እንዲነግራችሁ እያንዳንዱን ክፋይ ለብቻው ለኩ። መሃሉን እንደገና ነክታችሁ፣ ሁለቱን ጠርዝ እንደገና ነክታችሁ። የእኛ ቻርት በዚህ መንገድ ሲለካ እንዲህ ወጣ እንበል፦ ደመወዝ 152፣ ኪራይ 88፣ ትራንስፖርት 64፣ ጥገና 40፣ ልዩ ልዩ 19። ድምሩ 363 ነው።

ይህ ከ360 ይልቅ የሚታመን ድምር ነው። በእጅ ሲለካ በየክፋዩ አንድ ዲግሪ ያህል መሳት የተለመደ ነው። አምስት ክፋይ ላይ ሁለት ሦስት ዲግሪ መብለጥ ወይም መጉደል አያስደነግጥም። 372 ወይም 341 ቢመጣ ግን ማስተካከያ ውስጥ አትግቡ። አንድ ነገር ተበላሽቷል። ምናልባት እንደ ክር የቀጠነች ክፋይ አልታየቻችሁም፣ ወይም አንዱ ሁለት ጊዜ ተለክቷል። ከግማሽ ክብ የሚበልጥ ክፋይ ካለም ልብ በሉ፤ ብዙ የማዕዘን መለኪያዎች ትንሹን ወገን ነው የሚያሳዩት። 200 ዲግሪ የሆነው 160 ተብሎ ይነበባል። ያኔ ከ360 ላይ ቀንሱት።

ትርፉን መጨረሻው ላይ መጣል

በ363 ስንሄድ፣ እያንዳንዱን ለ360 አካፍለን ብናባዛ ድምሩ 2,420,000 ብር ይመጣል። 20 ሺህ ትርፍ አለ። ብዙዎች ይህን ከ«ልዩ ልዩ» ላይ ይቀንሱታል፣ ስሙ ራሱ ይጋብዛል መሰለኝ። 126,667 የነበረው 106,667 ይሆናል። ከ15 በመቶ በላይ ተቆረጠ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ጥፋቱ።

ትርፉ የሁሉም ነው። ለ360 ሳይሆን ለለካችሁት ድምር አካፍሉ፦

```
ዋጋ = ማዕዘን ÷ 363 × 2400000
```

ደመወዝ 1,004,959፣ ኪራይ 581,818፣ ትራንስፖርት 423,140፣ ጥገና 264,463፣ ልዩ ልዩ 125,620። አሁን ድምሩ ልክ 2,400,000 ነው። ግን አስገድደን ነው እዚያ ያደረስነው። ማረጋገጫው 363 ላይ አልቋል፣ ይሄኛው ድምር ለአቀራረብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ስትጽፉ 363 የሚለውን አብራችሁ አስቀምጡት።

እስከ መጨረሻዋ ብር መጻፍ

1,004,959 ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው ከደረሰኝ የተገኘ ይመስለዋል። አንድ ዲግሪ ተኩል ብንስት 10 ሺህ ብር ነው። ስለዚህ ወደ 10 ሺህ ማጠጋጋት በቂ ነው። ያው 10 ሺህ ለደመወዝ 1 በመቶ ሲሆን ለልዩ ልዩ 8 በመቶ መሆኑንም አትርሱ። ትንሽ ክፋይ ላይ «ከ115 እስከ 135 ሺህ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ስታጠጋጉ ድምሩ እንደገና ይንሸራተታል። እዚህ 1,000፣ 580፣ 420፣ 260 እና 130 ሺህ ይሆናሉ፣ ድምራቸውም 2,390 ሺህ ነው። 10 ሺህ ጎደለ። ደስ ያላችሁ ቦታ አትጨምሩት። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ታች አጠጋጉ፦ 1,000፣ 580፣ 420፣ 260፣ 120። 20 ሺህ ይጎድላል። ከዚያ ትልቅ ትራፊ ላላቸው በተርታ 10፣ 10 ሺህ ስጡ። ትልቁ ትራፊ የልዩ ልዩ ነው፣ 5,620። ቀጥሎ የደመወዝ፣ 4,959። ደመወዝ 1,010፣ ልዩ ልዩ 130 ይሆናሉ፣ ድምሩም 2,400 ይሞላል።

የማን ጠቅላላ እንደሆነ አለመጠየቅ

ከላይ የተጻፈው 2.4 ሚሊዮን የግድ የክቡ ጠቅላላ አይደለም። ከሥር በትንሽ ፊደል «ከግንባታ ውጪ» ተብሎ ሊሆን ይችላል፣ ስክሪንሾቱ ደግሞ ያንን መስመር ቆርጦታል። የተሟላ ምስል እንዲላክላችሁ ጠይቁ። ማባዣው ከተሳሳተ ሁሉም ክፋይ በአንድ መጠን ይሳሳታል፣ ማዕዘንም ሆነ ስፋት ይህን አያጋልጥም።

ክፋዮቹ ላይ በመቶኛ ከተጻፈ ደግሞ አትለኩ፣ የተጻፈውን ውሰዱ። 11% ማለት ከ10.5 እስከ 11.5 ነው፣ በእኛ ሂሳብ ከ252 እስከ 276 ሺህ ብር። አምስት የተጠጋጉ መቶኛዎች ድምራቸው 99 ወይም 101 መምጣቱ የተለመደ ነው። 118 ከመጣ ግን ምናልባት መጠይቅ ላይ አንድ ሰው ብዙ መልስ እንዲመርጥ ተፈቅዶ ነበር፤ ያኔ ቻርቱ መጀመሪያውኑ ፓይ መሆን አልነበረበትም፣ ጠቅላላውንም በክፋዮቹ ማከፋፈል አይቻልም።